ለሥራ ባልደረባ ሽኝት የአንድ ደቂቃ ንግግር በእንግሊዝኛ፦ ከዝግጅት እስከ ጭብጨባ

«ነገ የአንዷ ልጅ ሽኝት ነው። አንድ ነገር በይ ብለውኛል። እባክሽ ምን ልበል?» ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣልኛል። ሜሪላንድ ውስጥ በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት የማታ ሺፍት እሠራለሁ። ጠያቂዎቼ በአብዛኛው እንደኔ ረዳት ነርስ የሆኑ አበሾች ናቸው። በሥራ ላይ እንግሊዝኛቸው ምንም አይጎድለውም። ኬክ ፊት ቆመው ለሃያ ሰው ተናገሩ ሲባሉ ግን ምላሳቸው ይተሳሰራል። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው።

እንግሊዝኛውን በራሳችን ፊደል ነው የምጽፈው። ንግግሩ ለአፍና ለጆሮ ስለሆነ ስፔሊንጉን ማንም አያየውም። ከመጀመሪያው እንደሚነገረው አድርጋችሁ ያዙት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- መዳፍ የምታህል አንዲት ጠንከር ያለች ካርድ
- ወፈር አድርጎ የሚጽፍ እስክሪብቶ
- የስልካችሁ ድምፅ መቅጃ
- ከሚሄደው ሰው ጋር ከእናንተ በላይ የሠራ አንድ ባልደረባ
- ከዋዜማው ግማሽ ሰዓት፣ በዕለቱ ደግሞ አሥር ደቂቃ

ርዝመቱን አስቀድማችሁ ወስኑ። ረጋ ብሎ የሚናገር ሰው በደቂቃ 130 ያህል የእንግሊዝኛ ቃል ይላል። እናንተም ከ120 እስከ 150 ቃል ይበቃችኋል። በእረፍት ክፍል የሚደረግ ሽኝት ላይ ግማሹ ሰው ወደ ሥራ ሊመለስ ቆሟል፤ ደወል የሚጠብቅም አለ። ከሁለት ደቂቃ ካለፋችሁ ሰዉ ሰዓት ማየት ይጀምራል።

1. ሦስት ነገር ጠይቁ

ምንም ከመጻፋችሁ በፊት ያንን ባልደረባ ያዙና ሦስት ነገር ጠይቁት።

አንደኛ፣ ለምንድነው የምትሄደው? የተሻለ ሥራ አግኝታ ከሆነ «ኮንግራቹሌሽንስ» ይባላል። ጡረታ ከሆነም ይባላል። ከሥራ ተቀንሳ ከሆነ ግን ይህን ቃል እንዳታነሱት። የሰው እንጀራ ተዘግቶ እንኳን ደስ አለሽ እንደማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ወዴት እንደምትሄድ ሰው ያውቃል? አንዳንዱ አዲሱን መሥሪያ ቤቱን መናገር አይፈልግም። ካልታወቀ «ኸር ኒው ጆብ» ብላችሁ እለፉት፤ አዲሱ ሥራዋ ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ማን ተብላ ነው የምትጠራው? እኛ ትልቅ ሰው በባዶ ስሙ ለመጥራት ይከብደናል። እዚህ ደግሞ አንዳንዱ ቤት በስም ብቻ ይጠራራል፣ አንዳንዱ ቤት «ሚስ» ብሎ ስሟን ያስከትላል። በእረፍት ክፍል በምትጠሯት ስም ጥሯት። ሌላ ጊዜ በስሟ እየጠራችኋት ያን ቀን ብቻ የአባቷን ስም ካስገባችሁ ከደብዳቤ ላይ የምታነቡ ይመስላል።

2. አንዲት ትንሽ ታሪክ ምረጡ

ሥራው ያለው እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው ሰው «ታታሪ ናት፣ ደግ ናት፣ ሰው አክባሪ ናት» ብሎ ይደረድራል። ቃላቱ እውነት ናቸው። ችግሩ ለማንም ሊባሉ መቻላቸው ነው። ሰሚው ዓይኑ ፊት የሚያየው ነገር የለውም።

በነሱ ፈንታ አንድ ቀን ያደረገችውን አንድ ነገር ፈልጉ። መፈተኛው ቀላል ነው። ስሟን አውጥታችሁ የሌላ ባልደረባ ስም አስገቡበት። ታሪኩ ለዚያኛውም ከሠራ ገና አላገኛችሁትም።

የኔን ላሳያችሁ። ባለፈው ዓመት የሸኘኋትን ልጅ እዚህ ግሬስ እላታለሁ፤ ትክክለኛ ስሟ አይደለም። ነርሲንግ ተምራ ጨርሳ ሆስፒታል ተቀጥራ ነበር። መጀመሪያ የጻፍኩት «በጣም ተባባሪ ናት» የሚል ነበር። ከዚያ ራሴን መቼ ነው የተባበረችው ብዬ ጠየቅኩ። የገባሁበት የመጀመሪያ ሳምንት ትዝ አለኝ። ከምሽቱ 5 ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ሁለት ክፍል ቀርቶኝ ነበር። እሷ ጨርሳ ካፖርቷን ለብሳለች። አየችኝና ካፖርቷን አወለቀች። «አንዱን አንቺ፣ አንዱን እኔ» አለችኝ። ለማንም አልተናገረችም። ንግግሩ ይኸው ሆነ።

ካፖርቱን ልብ በሉ። «ረዳችኝ» ብል ኖሮ ማንም አያስታውሰውም። ካፖርት ለብሶ ማውለቅን ግን በዚያ ክፍል ያለ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሊወጣ ሲል ተመልሶ የቆየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

*ጥንቃቄ፦* ጤና ዘርፍ ላይ ከሆናችሁ ታሪኩ ውስጥ የታካሚ ስም፣ ሕመም ወይም የክፍል ቁጥር እንዳይገባ። ስሙን ባትጠሩም ማን እንደሆነ የሚያሳውቅ ነገር አታንሱ። አሜሪካ በ1996 የወጣው ሂፓ የሚባለው ሕግ የታካሚን መረጃ ይጠብቃል፣ ሽኝትም ከዚያ አያወጣችሁም። እኔ «ሁለት ክፍል» አልኩ እንጂ የማን ክፍል እንደሆነ አልተናገርኩም። በሌላውም መሥሪያ ቤት እሷን የሚያሳፍር ታሪክ ተዉ። ለእናንተ ያስቃል፣ አለቃዋ ግን እዚያው ቆሟል።

3. ከመጻፋችሁ በፊት በአፋችሁ ተናገሩት

በአማርኛ ጽፋችሁ ወደ እንግሊዝኛ አትመልሱት። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያደርግ ሲመለስ ይረዝማል፣ ይጠላለፋልም። ይልቅ ስልካችሁን ክፈቱና ታሪኩን በእረፍት ሰዓት ለጓደኛችሁ እንደምትነግሩት በእንግሊዝኛ ቅዱት። ስትሳሳቱ አታቁሙ። ከዚያ አዳምጡና የሰማችሁትን ጻፉ። በዚህ መንገድ የምታገኙት እንግሊዝኛ በእጃችሁ ያለው ስለሆነ ሲያስደነግጣችሁም አይጠፋባችሁም።

ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ ሰላምታ፣ ለምን እንደተሰበሰባችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ታሪኩ፣ ታሪኩ ስለ እሷ የሚናገረው፣ ምኞት፣ ጭብጨባ። ከጠቅላላው ግማሹ ታሪኩ ይሁን።

4. ከባዱን ቃል አውጡ

መጽሐፍ ላይ የተማርነው እንግሊዝኛ የደብዳቤ ነው። ተነግሮ ሲሰማ ይደርቃል። እነዚህን ለውጡ፦

- «አይ ዉድ ላይክ ቱ ኤክስፕረስ ማይ ዲፐስት ግራቲቱድ» ያላችሁትን «ቴንክ ዩ» በሉ።
- «ዊ አር ጋዘርድ ሂር ቱዴይ» የሰርግና የቀብር መክፈቻ ነው። «ሃይ፣ ኤቭሪዋን» ይበቃል።
- «አይ ዊሽ ዩ ሳክሰስ ኢን ዩር ፊውቸር ኢንዴቨርስ» የሥራ መልቀቂያ ወረቀት ላይ ያለ ነው። «ጉድ ላክ» በሉ፤ መልካም ዕድል።

ሌላው ማጠር ያለበት ግሱ ነው። ሰው ሲያወራ «ሺ ኢዝ» አይልም፣ «ሺዝ» ይላል። «ዊ አር» «ዊር» ይሆናል፣ «ዲድ ኖት» ደግሞ «ዲድንት»። ሳያሳጥሩ አንድ በአንድ መናገር እንግሊዝኛ ላይ ቆጣ ያለ ሰው ያስመስላል። ብዙዎቻችን «ለምን ደረቅ ትመስላለህ?» የምንባለው በዚህ ነው።

5. ከለቅሶ ቋንቋ ራቁ

ከሁሉም በላይ የምፈራው ይህንን ስህተት ነው፤ የሚሳሳተው ሰው አይታወቀውም። በአማርኛ «ደግ ሴት ነበረች» ብትሉ ሰሚው «ምን ሆነች?» ብሎ ይደነግጣል። በእንግሊዝኛም ያው ነው። «ሺ ወዝ ኧ ጉድ ፐርሰን» ስትሉ ኬኩ ፊት የቆመችውን ልጅ ቀበራችኋት።

ደንቡ ይህ ነው። ያደረገችው ነገር በኃላፊ ጊዜ ይነገራል፤ ካፖርቷን አወለቀች፣ «ሺ ቱክ ኸር ኮት ኦፍ»። ጠባይዋ ግን ዛሬም አለ፤ «ሺዝ ካይንድ»፣ ደግ ናት። ጽፋችሁ ስትጨርሱ «ወዝ» ባለበት ሁሉ አስምሩ። አንድ በአንድ እያያችሁ፣ ስለ ድርጊት ወይም ስለዚያ ቀን ከሆነ ይቆይ። ስለ ማንነቷ ከሆነ ቀይሩት።

ሦስት አባባሎች ደግሞ ጨርሶ አይነኩ። «ሺ ሌፍት አስ» ሞተች ሊመስል ይችላል፤ ከእኛ ተለየች እንደምንለው። «ኧ ቤተር ፕሌስ» ወደ ተሻለ መሥሪያ ቤት ለማለት አስባችሁ ይሆናል፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ግን ስለ ሞተ ሰው ነው የሚለው። «ጉድባይ ፎርኤቨር» ከቶ አንገናኝም ማለት ነው። በነሱ ፈንታ «ፍራይዴይ ኢዝ ኸር ላስት ዴይ ሂር» በሉ፤ አርብ እዚህ የመጨረሻ ቀኗ ነው።

ናፍቆቱንም በትክክሉ ተናገሩ። «ዊር ጎይንግ ቱ ሚስ ዩ» ማለት ትናፍቂናለሽ ነው። «ዊ አር ሚሲንግ ዩ» ካላችሁ አሁን ናፍቀሽናል ይሆናል፣ እሷ ደግሞ ፊታችሁ ቆማለች።

ሙሉው ንግግር

ግሬስን የሸኘሁበት ይኸውላችሁ። ነጠላ ሰረዞችን ሁሉ እንደ ትንፋሽ ቁጠሯቸው።

«ሃይ፣ ኤቭሪዋን። ካን አይ ሃቭ ዋን ሚኒት? አዝ ዩ ኖው፣ ግሬስ ሃዝ ኧ ኒው ጆብ። ፍራይዴይ ኢዝ ኸር ላስት ዴይ ሂር።

አይ ዋንት ቱ ቴል ዩ ዋን ስሞል ቲንግ። ማይ ፈርስት ዊክ ሂር፣ አይ ወዝ ሪሊ ስሎው። ዋን ናይት፣ ኢት ወዝ ቴን ቱ ኢለቨን፣ ኤንድ አይ ስቲል ሃድ ቱ ሩምስ። አይ ዋንቲድ ቱ ክራይ። ግሬስ ወዝ ደን። ሺ ሃድ ኸር ኮት ኦን። ሺ ሉክት አት ሚ፣ ሺ ቱክ ኸር ኮት ኦፍ፣ ኤንድ ሺ ሴድ፣ ኦኬ፣ ዩ ቴክ ዋን፣ አይል ቴክ ዋን።

ሺ ዲድንት ቴል ኤኒባዲ። ዛትስ ግሬስ። ሺዝ ላይክ ዛት ዊዝ ኤቭሪባዲ።

ግሬስ፣ ናው ዌን ሰምባዲ ኒው ከምስ፣ አይ ቴክ ዋን። አይ ለርንድ ዛት ፍሮም ዩ። ዩር ጎይንግ ቱ ቢ ኧ ግሬት ነርስ። ዊር ጎይንግ ቱ ሚስ ዩ። ካም ባክ ኤንድ ሲ አስ።

ኤቭሪባዲ፣ ሌትስ ጊቭ ግሬስ ኧ ቢግ ሃንድ።»

በአማርኛ ሲሆን፦ ሰላም ለሁላችሁ፤ አንድ ደቂቃ ትሰጡኛላችሁ? እንደምታውቁት ግሬስ አዲስ ሥራ አግኝታለች፤ አርብ እዚህ የመጨረሻ ቀኗ ነው። አንዲት ትንሽ ነገር ልንገራችሁ። የገባሁ የመጀመሪያ ሳምንት በጣም ቀርፋፋ ነበርኩ። አንድ ማታ ለአምስት ሰዓት አሥር ጉዳይ ሆኖ ገና ሁለት ክፍል ቀርቶኛል። ማልቀስ አማረኝ። ግሬስ ጨርሳለች፣ ካፖርቷንም ለብሳለች። አየችኝ፣ ካፖርቷን አወለቀችና «በቃ፣ አንዱን አንቺ፣ አንዱን እኔ» አለችኝ። ለማንም አልተናገረችም። ግሬስ ይህች ናት፤ ለሁሉም እንዲሁ ናት። ግሬስ፣ አሁን አዲስ ሰው ሲመጣ አንዱን ክፍል እኔ እወስዳለሁ። ይህን የተማርኩት ካንቺ ነው። ጎበዝ ነርስ ትሆኛለሽ። ትናፍቂናለሽ። እየመጣሽ ጠይቂን። እስቲ ሁላችሁም ለግሬስ ሞቅ አድርገን እናጨብጭብላት።

እንግሊዝኛው ውስጥ አንድ መታጠፊያ አለ። እስከ «ዊዝ ኤቭሪባዲ» ድረስ የማወራው ለሰዉ ነው፣ ስለ እሷም «ሺ» እላለሁ። ከዚያ ስሟን ጠርቼ ወደ እሷ እዞርና «ዩ» ማለት እጀምራለሁ። ሁለቱን አታደባልቁ። ስሟን መጥራቱ መታጠፊያችሁ ይሁን። ያን ጊዜ ነው ዓይኗን ማየት ያለባችሁ። ትልቅ ሰው ዓይን ውስጥ አትይ ተብለን ብናድግም እዚህ ዓይን መሸሽ ያልሆነ ትርጉም ይሰጣል። ሁለት ሦስት ሰከንድ ይበቃል።

6. ምላስ የሚያስቸግሩትን ቃላት ለዩ

ሁሉንም አክሰንት ለማስተካከል አትሞክሩ፤ በአንድ ሌሊት አይሆንም፣ አያስፈልግምም። ትርጉም የሚቀይሩትን ብቻ ያዙ።

ዋነኛው «ሊቪንግ» ነው። እንግሊዝኛው ሁለት ነው፤ አንዱ መሄድ፣ አንዱ መኖር። በፊደላችን አንድ ሆነው ይጻፋሉ፣ ልዩነቱ ያለው «ሊ» ላይ ነው። መሄድ ለማለት ከንፈራችሁን ፈገግ እንደማለት ስባችሁ «ሊ»ን አስረዝሙት። «ስለምትሄጂ አዝነናል» ልትሉ አስባችሁ ካሳጠራችሁት «ስለምትኖሪ አዝነናል» ይሆናል። መርዘሙ ካልመጣላችሁ ቃሉን ተዉት። እኔ በንግግሬ ውስጥ «ላስት ዴይ» ያልኩት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው የኃላፊ ጊዜ መጨረሻ ነው። «ሉክ»፣ «ቶክ»፣ «ሄልፕ»፣ «ሚስ» ላይ ሲጨመር «ት» ይሰማል፤ «ሉክት»፣ «ሄልፕት»። «ለርን» እና «ስቴይ» ላይ «ድ» ይሰማል፤ «ለርንድ»፣ «ስቴይድ»። ግሱ ራሱ በ«ት» ወይም በ«ድ» ካበቃ ብቻ ነው «ኢድ» የሚጨመረው፤ «ዋንቲድ»፣ «ኒዲድ»። ብዙ ጊዜ «ሉክድ» ስንል «ክ»ና «ድ» ምላስ ላይ ስለማይስማሙ መሀላቸው አናባቢ ይገባና ቃሉ ይጎተታል።

ሦስተኛው «ቴንክ» እና «ቲንግ» ናቸው። መነሻ ድምፁ በፊደላችን የለም። የምላሳችሁን ጫፍ በላይና በታች ጥርሳችሁ መሀል ትንሽ አውጡና እፍ በሉ። ካልሆነላችሁ አትጨነቁ፤ «ቴንክ ዩ» ብትሉም ይገባቸዋል።

አሁን ሦስት ጊዜ ቅዱት። በሦስተኛው ያደናቀፋችሁ ቃል ካለ ያን ቃል በሌላ ለውጡት። በቤታችሁ ያደናቀፈ ቃል እዚያ ይጥላችኋል።

7. ካርዷን ጻፉ

ሙሉውን ንግግር ካርድ ላይ አትጻፉ። ከጻፋችሁት ታነቡታላችሁ፣ ካነበባችሁት አንገታችሁ ይደፋል። እኔ የጻፍኩት እነዚህን ስድስት ብቻ ነው፦ አርብ፣ የመጀመሪያ ሳምንት፣ ካፖርት፣ ዛትስ ግሬስ፣ ነርስ፣ ቢግ ሃንድ። በአማርኛም ጻፉት፣ ለእናንተ ነው። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ግን በቃላችሁ ያዙ። ድንጋጤ የሚበረታው ሲጀመር ነው፤ መጨረሻው ካልተያዘ ደግሞ «እና... እ... ይኸው ነው» ብሎ ይበተናል።

8. በዕለቱ

ኬኩ ከመቆረጡ በፊት ተናገሩ። ሰሃን ከተያዘ በኋላ ማንም አይሰማም። «ካን አይ ሃቭ ዋን ሚኒት?» ካላችሁ በኋላ ዝም በሉና ክፍሉ ጸጥ እስኪል ጠብቁ። ካርዷን በአንድ እጅ ያዙ።

ሥራ ቦታ ላይ መጠጥ ስለማይኖር ብርጭቆ አንሱ አትበሉ፤ መዝጊያችሁ ጭብጨባ ነው። ሽኝቱ ምግብ ቤት ከሆነ «ቱ ግሬስ!» ብላችሁ ብርጭቆ ማንሳት ትችላላችሁ። ጁስም ይሆናል።

እንባ ከመጣባችሁ አቁሙ፣ ተንፍሱ፣ «ሶሪ፣ ጊቭ ሚ ኧ ሰከንድ» በሉ። ታሪኩ ከጠፋባችሁ ወደ መጨረሻው ዓረፍተ ነገር ዝለሉ። የቀረውን እናንተ እንጂ ማንም አያውቅም። «ማይ ኢንግሊሽ ኢዝ ኖት ጉድ» ብላችሁ ግን እንዳትጀምሩ። ሰዉ ከዚያ በኋላ ግሬስን ትቶ እንግሊዝኛችሁን ያዳምጣል። ቀኑ ደግሞ የሷ ነው።

ሳይነገራችሁ ድንገት ከተጠራችሁ

ሦስት ዓረፍተ ነገር በቂ ነው። አንድ ያደረገችላችሁን ነገር ብቻ መሀል ላይ አስገቡ።

«ግሬስ፣ አይ ሪመምበር ዋን ናይት፣ ዩ ቱክ ኦፍ ዩር ኮት ኤንድ ሄልፕት ሚ። ቴንክ ዩ ፎር ዛት። ጉድ ላክ፣ ኤንድ ካም ባክ ኤንድ ሲ አስ።»

ብላችሁ ቀድማችሁ ማጨብጨብ ጀምሩ፤ ሌላው ይከተላችኋል።